«ለማየት ብቻ»፦ የትዕዛዝ ዳታቤዝ መጠየቂያ ደብዳቤ ምን መያዝ አለበት?

የኦፕሬሽን ኃላፊ የደንበኞች ትዕዛዝ ያለበትን ዳታቤዝ ለማየት ለአይቲ ክፍል የሚጽፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አያልፍም። «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ዳታቤዙን የማየት ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ይልና ፊርማና ማኅተም ይከተላል። መልሱ ሲዘገይ ኃላፊው የአይቲ ክፍሉን በእንቢተኝነት ይጠረጥራል። ደብዳቤው ግን ምን እንደሚፈለግ አልተናገረም። ዳታቤዙ ውስጥ ትዕዛዝ ብቻ ሳይሆን የደንበኛ ስልክ፣ የቤት አድራሻና የክፍያ መረጃም አለ፤ ጥያቄው ሁሉንም ይሁን ጥቂቱን ከደብዳቤው ማወቅ አይቻልም።

በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ ትዕዛዝ በስልክና በመተግበሪያ እየተቀበለ የሚያደርስ አንድ ድርጅት ለምሳሌ ይወሰድ። የኦፕሬሽን ኃላፊዋ በየጠዋቱ ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከታዘዙ 24 ሰዓት አልፏቸው ገና ከመጋዘን ያልወጡት ትዕዛዞች የትኞቹ ናቸው? ለዚህ በየቀኑ አይቲ ክፍል ትደውላለች። ባለሙያው የያዘውን ሥራ ትቶ ዝርዝሩን በኤክሴል ያወጣላታል፤ ዝርዝሩ ሲደርሳት ሾፌሮቹ ወጥተዋል። እንዲህ ያለች ኃላፊ የምትጽፈው ደብዳቤ ቢያንስ ይህን ቢይዝ ይበቃል፦

«ለአይቲ ክፍል

ጉዳዩ፦ የትዕዛዝ መረጃ የማንበብ ፈቃድ መጠየቅን ይመለከታል

ከ24 ሰዓት በላይ ከመጋዘን ያልወጡ ትዕዛዞችን በየጠዋቱ ከሾፌሮች ስምሪት በፊት መለየት ያስፈልገናል። ስለዚህ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የታዘዘበት ሰዓት፣ ያለበት ደረጃ፣ መጋዘንና ክፍለ ከተማ ብቻ እንዲታየን እንጠይቃለን። የደንበኛ ስም፣ ስልክና የክፍያ መረጃ አያስፈልገንም። መረጃው እስከ 15 ደቂቃ ቢዘገይ ሥራችንን አያውክም። ፈቃዱ በእኔ ስም ብቻ ሆኖ ለስድስት ወር እንዲሰጥና ሥራ ስለቅቅ ወይም ስዛወር እንዲዘጋ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ ቢሮ»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው «አያስፈልገንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሠራበት ይጠይቃል። ኃላፊዋ የማትፈልገውን ቀድማ ስትጽፍ የአይቲ ክፍሉ ከባዱን ጥያቄ ለማንሳት አይገደድም። ስለ 15 ደቂቃው የተጻፈውም ቀላል አይደለም። የዘገየ መረጃ ይበቃኛል ማለት ከዋናው ሰርቨር ይልቅ ቅጂው ይበቃኛል ማለት ነውና።

ቅጂው የሚመረጠው ማንበብ ብቻውን ጉዳት የለውም የሚለው እምነት ስለማይይዝ ነው። ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ፖስትግሬስ አንባቢው ጸሐፊውን እንዳያስቆም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ያም ሆኖ የዓመቱን ትዕዛዝ ሁሉ የሚያበጥር አንድ ጥያቄ የዲስኩንና የፕሮሰሰሩን አቅም ይሻማል። ለረጅም ሰዓት ክፍት ሆኖ የሚቆይ ጥያቄ ደግሞ ያረጁ ረድፎች እንዳይጸዱ ያግዳል፤ ሠንጠረዦቹ ያብጣሉ፣ ሥርዓቱም ይንቀራፈፋል። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ትዕዛዙን መላክ ሲያቅተው ምክንያቱ አንድ ሰው ከቢሮው ከፍቶ የረሳው መስኮት ሊሆን ይችላል። ቅጂው ከዋናው ለውጡን እየተቀበለ ይከተላል፤ እርሱ ላይ መጻፍም አይቻልም።

ደብዳቤው ሲጸድቅ የአይቲ ባለሙያው የሚሠራው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ ከትዕዛዝ ሠንጠረዡ አምስቱን ዓምዶች ብቻ የሚያሳይ ቪው ያዘጋጃል። ከዚያ የተጠቃሚ ስም ፈጥሮ ያንን ቪው ብቻ እንዲያነብ ይፈቅድለታል፤ የተጠቃሚውን ስምም ሆነ ፈቃዱን ዋናው ሰርቨር ላይ ይፈጥራል፣ ቅጂውም ከዚያ ይወርሳል።

```sql
CREATE ROLE ops_reader LOGIN CONNECTION LIMIT 2
  VALID UNTIL '2026-06-30';
GRANT USAGE ON SCHEMA ops TO ops_reader;
GRANT SELECT ON ops.pending_orders TO ops_reader;
ALTER ROLE ops_reader SET statement_timeout = '60s';
```

የይለፍ ቃሉ ለብቻው ይሰጣል። የመጨረሻው መስመር ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ጥያቄ እንዲቋረጥ ያደርጋል፤ ይሁንና ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይረው ስለሚችል ከመዘንጋት ይጠብቃል እንጂ ሆን ብሎ ከሚያጠፋ ሰው አያድንም። ቪው የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው፦ ተጠቃሚው ቪውን ሲያነብ ዋናው ሠንጠረዥ ላይ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ስልክና አድራሻ ከእጁ ውጭ ይቀራሉ።

ፈቃዱ በትክክል መሰጠቱን ለማወቅ መታየት ያለበትን መክፈት አይበቃም። መታየት የሌለበትንም መሞከር ያስፈልጋል። በአዲሱ ስም ተገብቶ `SELECT * FROM customers;` ሲጻፍ `permission denied for table customers` የሚል መልስ መምጣት አለበት። የደንበኞች ስም ከተዘረዘረ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ኃላፊዋና ባለሙያው ይህን ሙከራ አብረው ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ትልቁ ጣጣ ግን ከፈቃዱ በኋላ ይመጣል፦ ቁጥሩ አይገጥምም። ብዙ ሥርዓቶች ሰዓት የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ አዲስ አበባ ከእርሱ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የመጣ ትዕዛዝ በመዝገቡ ላይ የዋዜማው ቀን 23፡00 ሆኖ ይታያል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የታዘዘው ሁሉ በዚህ መንገድ ትናንት ይወድቃል፤ የኦፕሬሽኑና የሒሳብ ክፍሉ የቀን ድምርም በየጊዜው ይለያያል። መፍትሔው ቪው ላይ ሰዓቱን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሮ ማሳየት ነው። ሌላው የተለመደ ስሕተት ድርብ ቆጠራ ነው። አንድ ደንበኛ በአንድ ትዕዛዝ ሦስት ዕቃ ካዘዘና ቪው የዕቃዎቹን ሠንጠረዥ ከትዕዛዙ ጋር ካጣመረ፣ ያ ትዕዛዝ ሦስት ረድፍ ሆኖ ይመጣል። የዘገዩ ትዕዛዞች በድንገት በዝተው ከታዩ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የትዕዛዝ ቁጥሩ መደጋገሙ ነው እንጂ የመጋዘኑ ሠራተኞች ስንፍና አይደለም።

ቅጂው የራሱ ጠባይ አለው። ረጅም ጥያቄ እየተሠራበት ሳለ ከዋናው የመጣ ለውጥ ከጥያቄው ጋር ከተጋጨ፣ ፖስትግሬስ በነባሪው ቅንብር ለውጡን ቢበዛ 30 ሰከንድ አዘግይቶ ጥያቄውን ያቋርጠዋል። ኃላፊዋ `canceling statement due to conflict with recovery` የሚል መልእክት ካየች የተበላሸ ነገር የለም፤ ጥያቄውን አሳጥሮ ወይም ደግሞ መላክ ይበቃል። መልእክቱ በየጠዋቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ለአይቲ ክፍል መናገር ተገቢ ነው።

ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ቢሄድ እንኳ ፈቃዱ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ያም ኤክሴል ነው። ከዳታቤዝ ወጥቶ በኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ወይም በቴሌግራም የተላከ ዝርዝር ማን እንዳየው አይታወቅም፤ ሮሉ ሲዘጋም አይጠፋም። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ ዝርዝሩ ከክፍሉ እንደማይወጣ አንድ መስመር ቢጨመር ጥሩ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው መዝጊያው ነው። ከላይ በትእዛዙ ላይ የተጻፈው `VALID UNTIL` የሚያበቃው የይለፍ ቃሉን ብቻ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ቀድሞ የገባውን ተጠቃሚ አያስወጣም፣ ፈቃዱንም አይሰርዝም። ስድስት ወሩ ሲሞላ ወይም ኃላፊዋ ስትዛወር ሮሉን በእጁ የሚዘጋው የአይቲ ባለሙያው ነው፤ ደብዳቤውም ለዚህ ሲባል በፋይል ይቀመጣል።