በአንዴ ወይስ በየወሩ? የ12 ሺህ ዶላር ሒሳብ

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ሰው፣ በየወሩ አንድ ሺህ ዶላር የሚጣልበት የ12 ሰው እቁብ ገብቶ የመጨረሻው ዕጣ ደረሰው እንበል። 12 ሺህ ዶላር እጁ ገባ። ለማንም የሚከፍለው የእቁብ ቀሪ የለበትም፣ ገንዘቡንም ቢያንስ 15 ዓመት አይነካውም። 500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን በአንድነት የሚይዘውን የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፈንድ ሊገዛበት ወስኗል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ዛሬውኑ ሁሉንም ያስገባ ወይስ ለ12 ወር፣ በየወሩ አንድ አንድ ሺህ እያደረገ ይግዛ? ሁለተኛው መንገድ በገበያው ቋንቋ ዶላር ኮስት አቨሬጂንግ ይባላል።

በአማካይ ሲታይ መልሱ ብዙ አያከራክርም። ቫንጋርድ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካን፣ የብሪታንያንና የአውስትራሊያን የረጅም ዘመን የገበያ መረጃ መርምሮ፣ በአንዴ የገባው ገንዘብ በ12 ወር ተከፋፍሎ ከገባው የበለጠው ከሦስቱ ጊዜ በሁለቱ ያህል መሆኑን አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገበያው ከሚወርድባቸው ዓመታት የሚወጣባቸው ስለሚበዙ፣ ተራውን የሚጠብቅ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ዋጋ እስኪወደድ ነው።

ሰው ግን የሚገባው በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ ነው፤ አማካይ የሚባል ቀን የለም። ስለዚህ ከሦስተኛዋ ዕድል፣ ያውም ከክፉዋ እንነሳ። ሰውየው ገንዘቡን ያገኘው በኦክቶበር 2007 መጨረሻ ነው። ኢንዴክሱ ያን ጊዜ 1,549 ላይ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የዚያን ዘመን ከፍተኛውን የመዝጊያ ዋጋ 1,565 ነክቷል። ከዚህ የባሰ መግቢያ ቀን መርጦ ማግኘት ይከብዳል። ሁለት ወንድማማቾች እኩል ገንዘብ ይዘው ቆመዋል እንበል፤ ታላቁ በዚያው ቀን 12 ሺውን በሙሉ አስገባ። ታናሹ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ አንድ ሺህ እየገዛ በሴፕቴምበር 2008 ጨረሰ። ሒሳቡን በኢንዴክሱ የወር መጨረሻ ዋጋ ሠርቼዋለሁ። የትርፍ ድርሻ ክፍያና የባንክ ወለድ አልጨመርኩበትም።

በሴፕቴምበር 2008 መጨረሻ ኢንዴክሱ 1,166 ነው፤ ሌማን ብራዘርስ ከከሰረ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የታላቁ ገንዘብ ወደ 9,030 ዶላር ወርዷል፤ 25 በመቶ ኪሳራ። ታናሹ 10,350 ያህል አለው፤ የከሰረው 14 በመቶ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ መከፋፈሉ የተባለለትን ሠርቷል። ታናሹ በልቡ ቢኮራ አይፈረድበትም።

ከዚያ ማርች 9፣ 2009 መጣ። ኢንዴክሱ 676 ላይ ዘጋ። የታላቁ 12 ሺህ 5,240 ዶላር ሆነ። የታናሹስ? 6,006። አንዱ 56 በመቶ፣ ሌላው 50 በመቶ ከሰሩ። አንድ ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ የከፋፈለው ሰውም ግማሽ ገንዘቡን አጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 766 ዶላር ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከፋፍሎ መግዛት ሰውን የሚጠብቀው ገና ያልገባ ገንዘብ እስካለ ብቻ ነው። የመጨረሻዋ አንድ ሺህ ከገባች በኋላ ታናሹም እንደ ታላቁ ሙሉ በሙሉ ገበያ ውስጥ ነው፤ ከሴፕቴምበር እስከ ማርች የነበረውን የ42 በመቶ መውደቅ ያለ ምንም ከለላ ተቀብሎታል። ለ15 ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው የመጀመሪያዋን ዓመት ብቻ ጋሻ ይዞ ቀሪዎቹን 14 ዓመታት ባዶ እጁን ይሄዳል። ያውም የያዘው ገንዘብ በዓመታት ውስጥ ያድጋልና፣ ትልቁ ውድቀት በአሥረኛው ዓመት ቢመጣ የሚያጣው ዶላር ከመጀመሪያው ዓመት ይበልጣል። በአንደኛው ወር 11 ሺህ ዶላሩን ያስፈራው አደጋ በ13ኛው ወር ምን ሆኖ እንደማያስፈራው አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ ሰው አላገኘሁም።

የመውደቁ ጥልቀት ከሆነ የሚያስፈራችሁ፣ መድኃኒቱ የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ድርሻ ነው። ሦስተኛ ወንድም ጨምሩ። በዚያው በክፉ ቀን፣ በአንዴ 7,200 ዶላሩን ፈንዱ ውስጥ፣ 4,800ውን የመንግሥት ዋስትና ባለው የቁጠባ ሒሳብ አስቀመጠ። በማርች 2009 ወደ 7,950 ዶላር ነበረው። ኪሳራው 34 በመቶ ነው። ቀን ሳይመርጥ፣ ወር ሳይቆጥር፣ ከሁለቱም ያነሰ ወደቀ። የከፈለበት ዋጋም ግልጽ ነው፤ ገበያው ሲያገግም ከሁለቱም በዝግታ ያድጋል።

ለታናሹ ፍርድ ሳናጓድል ግን አንድ ነገር እንመን። ውድቀት ጥልቀት ብቻ ሳይሆን ርዝመትም አለው። ታላቁ የገዛበትን ዋጋ ተመልሶ ያየው በማርች 2013 ነው፤ አምስት ዓመት ከአራት ወር ግድም። የታናሹ አማካይ መግዣ 1,352 ስለነበር በኤፕሪል 2011 ከኪሳራ ወጣ። በዚያው ክረምት ገበያው መልሶ ቢደፍቀውም በ2012 መጀመሪያ እንደገና ተነስቷል። ሒሳቡን በከፈተ ቁጥር ቀይ ቁጥር ለሚያይ ሰው እነዚያ ዓመታት ቀላል አይደሉም።

አሁን ወደ ጸጸት እንምጣ፤ ገበያውን ገልብጠን እንየው። ገንዘቡ የተገኘው በ2007 ሳይሆን በዲሴምበር 2012 መጨረሻ ነው እንበል። ኢንዴክሱ 1,426 ላይ ነበር፤ ከዓመት በኋላ 1,848 ሆነ። ታላቁ በዓመቱ መጨረሻ 15,550 ዶላር ያህል አለው፤ እስከ ኖቬምበር 2013 በ12 ዙር የገዛው ታናሹ 13,770። ልዩነቱ 1,780 ዶላር ነው። በ2009ኙ አዘቅት መከፋፈል ካዳነው 766 ዶላር ከእጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ገንዘብ ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ሚስቱ የተቆጣችው፣ ጓደኛው ያሾፈበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ትርፍ ስላለው ደስ ብሎታል፤ የቀረበትን አያየውም።

ይህን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1982 ባቀረቡት ጥያቄ ቁልጭ አድርገው አሳይተውታል። ጆርጅ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ነበረው፤ ሸጦ ሌላ ገዛ፤ ባይሸጥ ኖሮ 1,200 ዶላር ያተርፍ ነበር። ፖል ደግሞ አክሲዮኑን ሊለውጥ አስቦ ተወው፤ ቢለውጥ ኖሮ ያው 1,200 ዶላር ያተርፍ ነበር። ማን ይበልጥ ይጸጸታል? ከተጠየቁት 92 በመቶው «ጆርጅ» አሉ። ኪሳራው አንድ ነው፤ በገዛ እጅ አድርጎት የመጣው ግን ባለማድረግ ከመጣው የበለጠ ያንገበግባል። በ2007 በአንዴ የገባው ታላቅ ወንድም ጆርጅ ነው። ጸጸቱ ቀንና ሰዓት አለው። የታናሹ ጸጸት በ12 ቀኖች ላይ ስለተበተነ ጣት የሚቀስርበት አንድ ቀን የለውም።

ጸጸት የሞኝነት ምልክት ነው ብዬ አላልፈውም፤ የተጸጸተ ሰው ይሸጣልና። በማርች 2009 በ5,240 ዶላር ሸጦ የወጣ ታላቅ ወንድም፣ የቫንጋርድ ጥናት ምንም ቢል፣ ከሁሉም ያነሰ ይዞ ቀርቷል። ከፋፍሎ መግዛት ይህን ሰው ገበያ ውስጥ ካቆየው ዋጋውን መልሷል። የኖቤል ተሸላሚው ሃሪ ማርኮዊትዝ፣ የኢንቨስትመንት ድርሻን በሒሳብ ማመጣጠንን ለዓለም ያስተማረው ሰው፣ የራሱን የጡረታ ገንዘብ ግን ግማሹን በአክሲዮን ግማሹን በቦንድ ያደረገው ኋላ እንዳይጸጸት ብሎ መሆኑን ተናግሯል።

ዘዴው የሚከሽፍበት ቦታ ግን ራሱ ጸጸት ነው። ከታናሹ 12 ግዢዎች እጅግ ርካሾቹ አራቱ የመጨረሻዎቹ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 2008 የተገዙት ናቸው። ልክ በእነዚያ ወራት ግን ዜናው ሁሉ የባንክ ውድቀት ነበር፤ ያለፉትን ስምንት ግዢዎች በኪሳራ እያየ ዘጠነኛውን መግዛት እጅ ያስራል። «እስቲ ትንሽ ይረጋጋ» ብሎ ያቆመ ሰው ውድ ውዱን ገዝቶ ርካሹን ተወ ማለት ነው። ይህ በሽታ እንደያዛችሁ የምታውቁት ቀላል ነው፤ የሚቀጥለውን ግዢ ቀን ከማየታችሁ በፊት ዋጋ ማየት ከጀመራችሁ፣ ያወጣችሁት ዕቅድ ቀርቶ ገበያን መገመት ውስጥ ገብታችኋል።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር አትቀላቅሉ። ከደመወዝ እየተቆረጠ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው፤ በእጅ የሌለ ገንዘብ በአንዴ ሊገባ አይችልም፤ ደመወዙ እንደመጣ መግባቱ ራሱ በአንዴ መግባት ነው። አገር ቤት ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በ2025 ነው፤ ከላይ ያለው ሒሳብ ሁሉ የተመሠረተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን በያዘና ወድቆ ደጋግሞ በተነሳ ኢንዴክስ ላይ ነው። የአንድ ባንክ ወይም የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ወድቆ ላይመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ በአንዴ ገቡ በ12 ወር ኪሳራው ኪሳራ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መጀመሪያ «ግማሹ ቢጠፋ አልሸጥም» ማለት የምትችሉበትን የአክሲዮን ድርሻ ወስኑ፤ የውድቀቱን ጥልቀት የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ ለአክሲዮን የመደባችሁትን በአንዴ አስገቡ። ይህ ካስጨነቃችሁ ግማሹን ዛሬ፣ ቀሪውን በስድስት ወር ከፋፍሉት፤ ከዓመት በላይ ግን አታስረዝሙት። ቀኖቹንና መጠኑን ዛሬውኑ በወረቀት ላይ ጻፉ፣ ብሮከራችሁም በየጊዜው ሳይጠይቃችሁ በየወሩ እንዲገዛ አውቶማቲክ ትእዛዝ ስጡት።