ትሕትናችን ትእዛዝ ሲመስል

«ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።» ይህ ዐረፍተ ነገር ከአማርኛ የሥራ ደብዳቤ መጨረሻ ብዙም አይጠፋም። ለእኛ ትሕትና ነው፤ ጠያቂው ዝቅ ብሎ ምስጋናውን ያስቀድማል።

አንዲት የቡና ላኪ ድርጅት ሠራተኛ ለንደን ላለ ደንበኛ ኢሜይል ስትጽፍ እናስብ። የተፈረመው ውል እንዲላክላት ትጠይቅና መዝጊያውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ የሚጎረብጠው ቃናው ነው። «ኮኦፕሬሽን» በእንግሊዝኛ ምስጋና ውስጥ ሲገባ የማስታወቂያ ሰሌዳንና የፍተሻ ቦታን ያስታውሳል፤ «መመሪያውን ስላከበሩ» የማለት ያህል ነው። «ኢን አድቫንስ» ሲታከልበት ደግሞ አንዳንዱ አንባቢ እምቢ የማለት ዕድሉ የተዘጋበት ይመስለዋል። የሥራ ባልደረቦች እርስ በርስ ቢጠቀሙበትም፣ ለማያውቁት ደንበኛ ሲጻፍ ይከብዳል።

ስለዚህ የሚተረጎመው ቃሉ ሳይሆን የቃሉ ተግባር ነው። ትሕትናው ወደ ጥያቄው ይግባ፦ «አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ ሴንድ ዘ ሳይንድ ኮንትራክት ባይ ተርስዴይ»። ይህም «የተፈረመውን ውል እስከ ሐሙስ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል» ማለት ነው። ምስጋናው ውሉ ሲደርስ ይጻፋል።

«ከሰላምታ ጋር»ም እንዲሁ ነው። «ዊዝ ግሪቲንግስ» ከተባለ እንግዳ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ይህ ቃል በአብዛኛው የመግቢያ ሰላምታ ነውና። ቦታውን የሚይዘው «ካይንድ ሪጋርድስ» ነው።