ትኩሳት ያለው፣ ሳል የሌለው የጉሮሮ ሕመም፦ በአርጆና አካባቢው ባክቴሪያ የሚጠረጠርበትና የሚታከምበት ምክንያት

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ያለ መድኃኒት ይድናል። ከባክቴሪያዎቹ መካከል ትልቁ ስጋት «ኤ» ምድብ ስትሬፕቶኮከስ ነው። ሁለቱን በዐይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የጉሮሮ ናሙና ማሳደጊያ ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ባለሙያው የሚተማመነው በምልክቶች ላይ ነው። ከነዚህም አንዱ፣ የሳል አለመኖር፣ ለብዙዎች እንግዳ ይመስላል።

ምክንያቱ ተሕዋስያኑ በሚሰፍሩበት ቦታ ላይ ነው። የጉንፋን ቫይረሶች አፍንጫን፣ ማንቁርትንና የአየር ቧንቧን ያዳርሳሉ፤ ሳልን የሚቀሰቅሱት ነርቮችም በብዛት የሚገኙት በማንቁርትና በአየር ቧንቧ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ግን በጉሮሮና በቶንሲል ሽፋን ላይ ተጣብቆ በዚያው ይራባል። ስለዚህ ሕመሙ ከባድ፣ ትኩሳቱ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ አይኖርም።

ሮበርት ሴንቶርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት አራት ምልክቶችን አጣምረዋል፤ እነሱም ትኩሳት፣ የሳል አለመኖር፣ በቶንሲል ላይ የሚታይ መግል፣ በአንገት ፊት ለፊት ሲነካ የሚያም ንፍፊት ናቸው። አራቱም በተገኙባቸው አዋቂዎች ባክቴሪያው የመገኘት ዕድሉ 56 በመቶ ገደማ፣ አንድም በሌለባቸው 2.5 በመቶ ገደማ ነበር። በኋላ ማክአይዛክ ከ3 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች አንድ ነጥብ ጨመረ። አራቱን ያሟላ ሕመምተኛ እንኳ ግማሽ ያህል ዕድሉ ቫይረስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ምልክቶቹ ለጥርጣሬ እንጂ ለማረጋገጫ አይበቁም።

ታዲያ በግማሽ ዕድል ለምን ይታከማል? መድኃኒቱ የጉሮሮውን ሕመም የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። የሕክምናው ዋና ዓላማ ልብ ነው። የባክቴሪያው ኤም ፕሮቲን ከልብ ሕብረ ሕዋስ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚመሳሰል፣ ባክቴሪያውን ለመከላከል የተነሣው የሰውነት ኃይል በአንዳንድ ልጆች ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ በራሱ አካል ላይ ይዞራል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ሲደጋገም የልብ ቫልቮችን ያጠባል ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በጅማ ሕመም የማይሰማቸው ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ሲመረመሩ ከ1000 ውስጥ 30 ያህሉ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ያልታከመ ቶንሲል የሚያስከፍለው ዋጋ፣ ምልክቶቹ መጀመሪያ ከተጠኑባት ከአሜሪካዋ ሪችመንድ ጋር አይወዳደርም።

በአርጆ ግን ምልክቶቹን እንዳሉ መውሰድ አይቻልም። ከተማዋ ደጋ ላይ ብትሆንም ከእርሷ በታች ያለው የዴዴሳ ሸለቆ ወባ የሚገኝበት ቆላ ነው። ከዚያ የመጣ ልጅ ትኩሳቱ ከወባ፣ የጉሮሮ ሕመሙ ከቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት የሚሰጠው ነጥብ ያኔ ይዳከማል። መግሉና ንፍፊቱ በንጽጽር ከፍ ያለ ክብደት ሊሰጣቸው ይገባል፤ የወባ ምርመራም አይታለፍም። የወባ ውጤት አዎንታዊ ሆኖ መግሉም ካለ ሁለቱም ይታከማሉ፤ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም።

ለምሳሌ 24 ኪሎ ግራም የምትመዝን የ9 ዓመት ልጅ ሦስት ቀን ትኩሳት ይዟት፣ መዋጥ ከልክሏት መጣች እንበል። ሳል የለም፤ ቶንሲሏ ቀልቶ ነጭ መግል ይታይበታል፤ የአንገቷ ንፍፊት ሲነካ ያማታል፤ የወባ ምርመራው አሉታዊ ነው። ከዕድሜዋ ጋር አምስት ነጥብ አገኘች። ከ27 ኪሎ በታች ስለሆነች 600,000 ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ በጡንቻ ትወጋለች፤ ከዚያ በላይ ብትመዝን 1.2 ሚሊዮን ይሆን ነበር። መድኃኒቱ ከጡንቻ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ የአሥር ቀን አሞክሲሲሊንን ይተካል፤ እንክብሉ ሕመሙ ሲሻል በሦስተኛው ቀን የሚቋረጥበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ዱቄቱ ከውኃ ጋር ሲደባለቅ ወፍራም ስለሚሆን ቀጭን መርፌን ይደፍናል። በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ልብን ሊያቆም ይችላል። ከመወጋቷ በፊት ለፔኒሲሊን አለርጂ እንደሌላት ይጠየቃል።

የፔኒሲሊን መከላከል የሚጠበቀው ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀናት ውስጥ ከተሰጠ ነው። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጨር ደም መፍሰስና ብክለት ከማስከተላቸውም በላይ ከእነዚያ ቀናት ይወስዳሉ፤ ባክቴሪያውን ግን አይነኩም። ልጅቷ ከመርፌው በኋላ አፏን መክፈት ካቃታት፣ ድምፅዋ ከታፈነ ወይም ምራቋን መዋጥ ካልቻለች፣ በቶንሲል ዙሪያ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ወደ ነቀምቴ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ ይኖርባታል።