ሥዕሉ ላይ ያልተጻፈው ርዝመት

የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ይህን ጥያቄ ሳያውቀው አይቀርም። ስድስት ጎን ያለው፣ አንድ ጥጉ ተቆርጦ የተነሣ የሚመስል ቅርጽ ተሥሏል። አራቱ ጎኖች ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ሁለቱ ግን ባዷቸውን ናቸው። ከሥሩ «የቅርጹን ስፋት ፈልጉ» ይላል። ልጁ የሚያውቀው ርዝመትን በወርድ ማባዛት ነው፤ እዚህ ግን የትኛው ርዝመት፣ የትኛው ወርድ እንደሆነ አይታየውም። ስለዚህ ዓይኑ ያረፈባቸውን ሁለት ቁጥሮች ያባዛና ያልፋል። ሊረዳው አጠገቡ የተቀመጠው ወላጅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀመሩ ነው። እኔ ግን የችግሩ ቁልፍ ያለው ቀመሩ ላይ ሳይሆን ባዶ የቀሩት ሁለት ጎኖች ላይ ነው እላለሁ።

እርሳስና ወረቀት ያዙና አብረን እንሣል። የአንድ ቤት ወለል ነው እንበል፤ ሴራሚክ ሊነጠፍበት ስለሆነ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ግራ ጥግ ተነሡ፤ ይህን ነጥብ «ሀ» በሉት። ወደ ቀኝ 5 ሜትር ሂዱና «ለ» ላይ ቁሙ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ፤ ምን ያህል እንደሆነ አልተጻፈም። የደረሳችሁበት «ሐ» ነው። እንደገና ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ይህም አልተጻፈም። «መ» ላይ ትደርሳላችሁ። ከመ ወደ ታች 3 ሜትር ስትወርዱ «ሠ»፣ ከሠ ወደ ግራ 13 ሜትር ስትመለሱ «ረ»፣ ከረ ወደ ላይ 9 ሜትር ስትወጡ የተነሣችሁበት ሀ። ጥጎቹ ሁሉ 90 ዲግሪ ናቸው፤ በመጽሐፍ ላይ ይህ የሚታወቀው ጥግ ጥጉ ላይ በምትሣለው ትንሽ ካሬ ምልክት ነው።

ምልክቷን ብዙ ተማሪ እንደ ጌጥ ያልፋታል፤ የሥዕሉ ትልቁ መረጃ ግን እሷ ናት። ጥጎቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ማንኛውም ጎን ወይ አግድም ነው ወይ ቁልቁል፤ ሰያፍ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ያለው ርቀት ከላይ ብትሄዱም ከታች ብትሄዱም እኩል ነው። ከታች መንገዱ አንድ ወጥ ሆኖ 13 ሜትር ነው። ከላይ ግን በሁለት ይከፈላል፤ ከሀ እስከ ለ 5 ሜትር፣ ከሐ እስከ መ ደግሞ ያልተጻፈው። ሁለቱ ተደምረው 13 መሆን ስላለባቸው ያልተጻፈው 13 − 5 = 8 ሜትር ነው። ቁልቁሉም እንዲሁ ነው። በግራ በኩል 9 ሜትር በአንድ ጊዜ እንወርዳለን፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ከለ እስከ ሐ ያልተጻፈውን፣ ከመ እስከ ሠ 3 ሜትር። ስለዚህ ያልተጻፈው 9 − 3 = 6 ሜትር ነው።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ። ልጁ «መቀነስ ነው» የሚለውን ይይዝና አግድሙን ከቁልቁሉ ይቀንሳል፤ 13 − 9 ይላል ወይም 9 − 5። ፈውሱ ቀላል ነው። ከመቀነሱ በፊት አግድም ጎኖችን በአንድ ቀለም፣ ቁልቁሎቹን በሌላ ቀለም ያቅልም። የሚደመረውና የሚቀነሰው ተመሳሳይ ቀለም ካለው ጋር ብቻ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ተደምረው ረጅሙን ካልሰጡ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን ቅርጹን እንቁረጥ። ከሐ ወደ ታች እስከ መሠረቱ ቀጥ ያለ መስመር ብናወርድ ሁለት አራት ማዕዘኖች እናገኛለን። የግራው 5 በ9 ነው፤ 45 ካሬ ሜትር። የቀኙ 8 በ3 ነው፤ 24 ካሬ ሜትር። ድምሩ 69 ካሬ ሜትር። መስመሩን ከሐ ወደ ግራ ብንስበው ደግሞ የላይኛው 5 በ6፣ 30 ካሬ ሜትር፣ የታችኛው 13 በ3፣ 39 ካሬ ሜትር ይሆናል። ድምሩ አሁንም 69 ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ጥጉ ያልተቆረጠ መስሎን ሙሉውን 13 በ9 እናስላ፣ 117 ይመጣል። የጎደለው ጥግ 8 በ6፣ 48 ነው። 117 − 48 = 69።

ሦስቱን መንገዶች ያሳየሁት አንዱ ለሌላው ምስክር ስለሚሆን ነው። በመጀመሪያው አቆራረጥ ያልተጻፈው 8 ያስፈልገናል፣ 6ቱ ግን አያስፈልገንም። በሁለተኛው ተቃራኒው ነው። በሦስተኛው ሁለቱም ይገባሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ርዝመቶች አንዱን ብንሳሳት መልሶቹ አይገጥሙም። ፈተና ላይ ጊዜ ካጠረ አንዱን አቆራረጥ ብቻ መርጦ የሚያስፈልገውን አንድ ርዝመት መፈለግ ይበቃል፤ ጊዜ ከተረፈ ግን በሌላው መድገም መልሱን ከመምህሩ በፊት ለማረም ያስችላል።

መልሱ ሳይገጥም ሲቀር የት እንደተሳትን ራሱ ልዩነቱ ይናገራል። አንድ ተማሪ 84 አገኘ እንበል። 5 በ9ን 45 ብሎ፣ 13 በ3ን 39 ብሎ ደምሮታል። እያንዳንዱ ማባዛት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የግራው ቁራጭ እስከ መሠረቱ ሲወርድ የታችኛው ቁራጭ ደግሞ እስከ ግራው ግድግዳ ዘልቋል። ታች በግራ ጥግ ያለው 5 በ3 የሆነ ቦታ፣ 15 ካሬ ሜትሩ፣ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ሌላው ተማሪ 54 አገኘ፤ 5 በ6ን 30፣ 8 በ3ን 24 አድርጎ። የእሱ ደግሞ ያንኑ 15 ካሬ ሜትር ጭራሽ ረስቶታል። አንዱ በ15 በለጠ፣ አንዱ በ15 አነሰ፤ የተሳሳቱት እዚያው አንድ ጥግ ላይ ነው። ለወላጅ የምመክረው፣ ልጁ ቁራጮቹን ከማባዛቱ በፊት በተለያየ ቀለም እንዲሞላቸው ነው። ሁለት ቀለም የተደራረበበት ወይም ነጭ የቀረ ቦታ ካለ ሳይሰላ ይታያል።

ከዚህ ቅርጽ ሳንወጣ አንድ የሚገርም ነገር ላሳይ። የወለሉን ዙሪያ ልክ ብንፈልግ፣ ለግድግዳው ግርጌ የሚሄደውን ዘኮሎ ለመግዛት እንበል፣ ያልተጻፉትን ሁለት ርዝመቶች ፈጽሞ ማወቅ አያስፈልገንም። የላይኞቹ አግድም ጎኖች ተደምረው 13፣ የቀኝ ቁልቁሎች ተደምረው 9 ናቸው፤ ስለዚህ ዙሪያው ሁለት ጊዜ 13 ሲደመር 9፣ ማለትም 44 ሜትር ነው። የተቆረጠው ጥግ ትልቅም ይሁን ትንሽ 44 አይለወጥም። ስፋቱ ግን ይለወጣል። ጥጉ 8 በ6 ሲሆን 69 ካሬ ሜትር የነበረው፣ 1 በ1 ብቻ ቢሆን 116 ይሆን ነበር። ዙሪያው አንድ የሆነ ቤት ሁሉ ስፋቱም አንድ ነው ብሎ ማሰብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ያልተጻፈው ርዝመት ሁልጊዜ በመቀነስ አይገኝም። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ከጎኑ ሲታይ ከታች አራት ማዕዘን፣ ከላይ ጎነ ሦስት ነው። ወርዱ 8 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2.5 ሜትር፣ ግራና ቀኝ የሚወርዱት የጣሪያው ጎኖች እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ግድግዳው በሙሉ ሊለሰን ነው። የታችኛው 8 በ2.5፣ 20 ካሬ ሜትር ነው። የላይኛው ላይ ብዙ ሰው 8 በ5 አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል፤ 20 ያገኝና በጠቅላላው 40 ይላል። 5ቱ ግን በሰያፍ የሚወርደው የማገሩ ርዝመት ነው። ለጎነ ሦስት ስፋት የሚያስፈልገው ከጫፉ ተነሥቶ መሠረቱን በ90 ዲግሪ የሚመታው ቁመት ነው፤ እሱ ደግሞ አልተጻፈም።

ሁለቱ ሰያፎች እኩል ስለሆኑ ጫፉ የሚያርፈው በመሠረቱ መካከል ላይ ነው። ቁመቱን ስናወርድ መሠረቱ ለሁለት፣ 4 እና 4 ይከፈላል። በአንደኛው ግማሽ ቀጥ ያለ ጥግ ያለው ጎነ ሦስት ተፈጠረ፤ ረጅሙ ጎን 5፣ አንዱ አጭር ጎን 4። በፓይታጎረስ ሕግ 25 ሲቀነስ 16 እኩል ይሆናል 9፤ ቁመቱ 3 ሜትር ነው። እንግዲህ የላይኛው 8 በ3 ሲካፈል ለ2፣ 12 ካሬ ሜትር ነው፤ ጠቅላላው 32። በስሕተት ከተገኘው 40 በ8 ካሬ ሜትር ያንሳል። ቁመት ምንጊዜም ከሰያፉ ማጠር እንዳለበት ማስታወስ ይህን ስሕተት ቀድሞ ያስጥላል።

እስካሁን ሁሉንም ያስቻለን 90 ዲግሪው ነው። እሱ ከሌለ የአራት ጎን ርዝመት ማወቅ ስፋትን ለማወቅ አይበቃም። ሁለት ጎኖቹ 20፣ ሁለቱ 15 ሜትር የሆነ ቦታ ጥጎቹ ቀጥ ካሉ 300 ካሬ ሜትር ነው። እነዚያኑ አራት ጎኖች ሳይረዝሙ ሳያጥሩ ወደ ጎን ገፋ ብናደርጋቸው በሁለቱ 20 ሜትር ጎኖች መካከል ያለው ርቀት ወደ 12 ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስፋቱ 240 ነው። በላይኛው ግብፅ፣ ኤድፉ ከተማ ያለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 ተጀምሮ በ57 የተጠናቀቀው የሆረስ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የእርሻ መሬቶች ዝርዝር ተቀርጿል። ስፋታቸው የተሰላው የተቃራኒ ጎኖችን አማካይ እርስ በርስ በማባዛት ነው። ይህ ስሌት ለቀጥተኛ አራት ማዕዘን ልክ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ከእውነተኛው ያበዛል። ለተገፋው ቦታችን እንኳ 300 ይሰጣል፣ 60 ካሬ ሜትር ጨምሮ።

እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥም የጎደለው ርዝመት ከጥግ እስከ ጥግ የሚያልፈው ሰያፍ ነው፤ እሱ ደግሞ በሜትር ይለካል እንጂ ከአራቱ ጎኖች አይሰላም። ሰያፉ ልክ 25 ሜትር ከሆነ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው፤ 15 እና 20 ከ25 ጋር የሚገጥሙት በዚያ ብቻ ነውና። በተገፋው ቦታ ረጅሙን ሰያፍ ስንለካ 31.4 ሜትር ገደማ እናገኛለን። ሰያፉ ቦታውን ለሁለት ጎነ ሦስቶች ይከፍለዋል። ከቀሩት ሁለት ጥጎች ወደ ሰያፉ ገመድ በ90 ዲግሪ ስንዘረጋ እያንዳንዱ 7.65 ሜትር ያህል ይመጣል። 31.4 በ7.65 ሲካፈል ለ2 ወደ 120 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 240።