ብርቱካን የላጠ ጣት

እናቴ ስኳር በሽታ እንዳለባት ካወቀች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ጣቷን ወግታ ትለካለች፣ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ ኢንሱሊኗን ትወጋለች። አንድ ጠዋት ማሽኑ 263 አሳያት። ሳምንቱን ሙሉ የጠዋት ልኬቷ ከ110 እስከ 140 ባለው ውስጥ ነበር። ማታ የበላችው እንደወትሮው ሽሮ በእንጀራ ነው፤ መድኃኒቷንም አልዘለለችም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስንት ኢንሱሊን መጨመር እንዳለባት ሐኪሟ የጻፈላት ወረቀት ስላለ፣ እሱን አይታ ልትጨምር መርፌውን አንስታ ነበር።

«ቆይ እማዬ፣ ከመለካትሽ በፊት ምን ስትሠሪ ነበር?» አልኳት።

«ምን እሠራለሁ? ለልጁ ብርቱካን ልጬ ሰጠሁት እንጂ። እጄንም በጨርቅ ጠርጌዋለሁ።»

በሳሙና ታጠበች፣ በደንብ አደራረቀች፣ በሌላኛው እጇ ጣት ደግማ ለካች። 124 መጣ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል አምስት ደቂቃ አልሞላም። ትርፉ ስኳር ያለው ደሟ ውስጥ ሳይሆን ጣቷ ላይ ነበር። ለ263 የሚሆነውን ኢንሱሊን ወግታ ቢሆን ኖሮ፣ ደህና የነበረው ስኳሯ ወርዶ በላብና በመንቀጥቀጥ ትጀምር፣ ምናልባትም ራሷን ትስት ነበር።

ለምን ይህን ያህል ያሳስታል?

ነገሩ የሚገባን የደሙን መጠን ስናስብ ነው። ብዙዎቹ የስኳር መለኪያ ስትሪፖች የሚፈልጉት ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮሊትር ደም ብቻ ነው። ግማሽ ማይክሮሊትር የሚወስድ ስትሪፕ ቢሆን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደም ለአሥር ሺህ ልኬት ይበቃዋል። እንዲህ ያለች ትንሽ ጠብታ ከሌላ ነገር ጋር ስትነካካ ወዲያው ትለወጣለች። የብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ያለው ግሉኮስ፣ ልኬቱ 100 ከሆነ ሰው ደም ጋር ሲነጻጸር በግምት ሃያ እጥፍ ነው። ማር ደግሞ ሦስት መቶ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዓይን የማያየው፣ ሲደርቅ ጣት ላይ እንኳ የማይታወቅ ቅሪት ጠብታዋ ውስጥ ሲሟሟ ቁጥሩን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ማሽኑ ስኳሩ ከደም ይምጣ ከልጣጭ ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘውን ይቆጥራል።

በ2011 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህንኑ በዳያቤቲስ ኬር መጽሔት አሳይተዋል። ሰዎች ፍራፍሬ ልጠው ሳይታጠቡ ሲለኩ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ አለ። ጣቱን ደጋግሞ በአልኮል መጥረግም ችግሩን ሙሉ በሙሉ አላስወገደውም። ያስተካከለው በውኃ መታጠብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አልኮል ጀርም ይገድላል፣ የተጣበቀ ስኳርን ግን እንደ ውኃ አጥቦ አይወስድም።

በኛ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ ስህተቱን ያግዘዋል። እጅ የምንታጠበው ለምግብ ነው፤ ገበታ ሲቀርብ ማስታጠቢያው ይመጣል። የጠዋቱ ልኬት ግን ከገበታ በፊት ነው። ስለዚህ የቡና ስኳር የጨመረ፣ ለልጅ ሙዝ የላጠ፣ ዳቦ ላይ ማር የቀባ እጅ ሳይታጠብ ይወጋል።

ከመታጠብ በፊትና በኋላ

መጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ይሰናዳ፦ ማሽኑ፣ የስትሪፑ ብልቃጥ፣ የመውጊያው ብዕር፣ አዲስ መርፌ ወይም ላንሴት፣ ንጹሕ ጥጥ። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመጠቀሚያ ጊዜ ያላለፈ መሆኑን ማየት ይገባል። የድሮ ማሽን ከሆነና በብልቃጡ ላይ የኮድ ቁጥር ካለ፣ ማሽኑ የሚያሳየው ኮድ ከእሱ ጋር መግጠም አለበት።

ከዚያ እጅ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ለብ ያለ ውኃ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቆሻሻውን ያነሣል፣ ጣትንም ያሞቃል። በብርድ ጠዋት ደም ወደ ጣት ጫፍ በደንብ ስለማይደርስ፣ ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወጋው ጣቱ ስለቀዘቀዘ ነው። ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ፣ እጁም በንጹሕ ፎጣ እስከ ጥፍሩ ሥር ይድረቅ። እርጥብ ጣት ላይ የወጣ ደም ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። የረጠበ እጅ ስትሪፕንም ያበላሻል። ስትሪፑን በደረቅ ጣት አውጥቶ ብልቃጡን ወዲያው መክደን የሚያስፈልገውም እርጥበት እንዳይገባበት ነው።

መንገድ ላይ ሆነው ውኃ ከሌለ፣ ጣቱን የሚችሉትን ያህል ጠርገው ይውጉ፤ የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹሕ ጥጥ ጠርገው በሁለተኛው ይለኩ። አልኮል ከተጠቀሙም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ይህ ግን ውኃ ሲጠፋ የሚደረግ ነው፤ ፍራፍሬ ወይም ማር የነካ ጣት ከሆነ በዚህ አይተማመኑ።

የት ይወጋል?

ስትሪፑ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ከመውጋት በፊት ነው። የጠብታ ምልክት ሲያሳይ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ደም ወጥቶ ስትሪፕ መፈለግ ከተጀመረ ጠብታው ይደርቃል ወይም ይፈስሳል።

ከጣቶች መካከለኛው፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይመረጣሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ስለሆኑ ቢታመሙ ያስቸግራሉ። የሚወጋው የጣቱ ጫፍ መሐል፣ አሻራው ያለበት ቦታ አይደለም፤ እሱ ዕቃ ስንዳስስ የምንጠቀምበት በመሆኑ በጣም ያማል። ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ብሎ፣ ከጥፍር ፈንጠር ያለው የጣት ጫፍ ጎን ይሻላል። እናቴ ዛሬ የግራ ቀለበት ጣት፣ ነገ የግራ መካከለኛ እያለች ታዞራለች፤ ያለማቋረጥ አንድ ቦታ የሚወጋ ቆዳ ይጠነክራል፣ ደም መስጠትም ያስቸግራል።

መውጊያው ብዕር ላይ ጥልቀት የሚያስተካክሉ ቁጥሮች አሉ። በትንሹ ጀምሮ ደም በቂ ሆኖ ካልወጣ አንድ አንድ ደረጃ መጨመር ነው። እናቴ ከሁለት ጀምራ ሦስት ላይ ረግታለች። ላንሴቱ ለእያንዳንዱ ልኬት አዲስ ይሁን፤ የተጠቀሙበት ጫፉ ይደንዛል፣ ያማል። ከሌላ ሰው ጋር መጋራት ግን ፈጽሞ አይገባም። ባልና ሚስት ሁለቱም ስኳር ቢኖርባቸው እንኳ ብዕሩ ለየራሳቸው መሆን አለበት፤ በዓይን የማይታይ ደም ሄፓታይተስ ቢን ያስተላልፋል።

ከመውጋት በፊት እጁን ዝቅ አድርጎ ትንሽ ማወዛወዝ፣ ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ እያሹ መግፋት ደሙን ያመጣል። ይህን ከመውጋት በፊት ማድረጉ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ጠብታዋ

ብዕሩ ከቆዳው ጋር በደንብ ተደግፎ ይጫናል። ከተወጋ በኋላ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ያስፈልጋል። ካልወጣ ከጣቱ ሥር ጀምሮ ቀስ አድርጎ ወደ ጫፍ መግፋት፣ ለቀቅ አድርጎ ደግሞ መግፋት ነው። የተወጋውን ቦታ እንደ ብጉር መጭመቅ ግን ስህተት ነው። ሲጨመቅ ከደሙ ጋር በሕዋሳት መካከል ያለው ፈሳሽ ይወጣል፣ ደሙ ይቀጥናል፣ ልኬቱም ይዛባል። መጭመቅ ከተፈለገ ጣቱ ቀዝቅዟል ወይም ጥልቀቱ አንሷል ማለት ነው፤ ጣቱን አሙቆ በሌላ ቦታ መውጋት ይሻላል።

የሚፈለገው የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል፣ ክብ ሆና የቆመች ጠብታ ናት። እዚህ ላይ እጅ አይቸኩል። ጣቱ ወደ ማሽኑ ይቅረብ፣ የስትሪፑ ጠርዝ ጠብታዋን ብቻ ይንካ። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ሻይ ሶፍት ሲነካው ሶፍቱ ራሱ እንደሚስበው፣ ስትሪፑም ደሙን ራሱ ይስባል። ደሙን ከላይ ማፍሰስ፣ መቀባት ወይም ስትሪፑን ጣት ላይ መጫን አያስፈልግም። በብዙ ስትሪፖች ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ሙሉ በሙሉ ስትቀላ በቂ ደም ገብቷል፣ ማሽኑም መቁጠር ይጀምራል። ግማሽ ብቻ ከሞላች፣ መመሪያው ካልፈቀደ በስተቀር ሌላ ጠብታ አይጨመርበትም፤ በአዲስ ስትሪፕ እንደገና ይጀመራል። ያገለገለው ላንሴት ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይከደን፤ ቆሻሻ የሚደፋ ሰው እንዳይወጋው።

ቁጥሩን መቼ እንጠርጥር?

ሁሉም ልዩነት ስህተት አይደለም። ለማሽኖቹ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ስኳሩ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከላቦራቶሪ ውጤት እስከ 15 በመቶ መራቅን ይፈቅዳል። ስለዚህ 124 እና 131 እያሳየ የሚቀያየር ማሽን አልተበላሸም። ነገር ግን 263 ከሳምንቱ ልኬት ጋር፣ ከማታው ምግብና ከሰውየው ስሜት ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ መድኃኒት ከመጨመር በፊት እጅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሌላ ጣት፣ በአዲስ ስትሪፕ ይደገም። ከታጠቡ በኋላም ከፍ ካለ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ያን ጊዜ የሐኪሙን ወረቀት መከተል ነው። ከ70 በታች ሆኖ ላብና መንቀጥቀጥ ካለ ግን ለመድገም አይጠበቅም፤ ቶሎ ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይወሰዳል፣ ከዚያ ይለካል።

ከዚያ ጠዋት በኋላ እናቴ በደብተሯ ላይ አንድ ዓምድ ጨምራለች። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን «ታ» የምትል ፊደል አለች፤ ታጥቤ ለካሁ ማለቷ ነው። ሐኪሟ ደብተሩን ሲያገላብጥ ስለ ፊደሏ ጠይቋት ነበር። የብርቱካኑን ነገር ነገረችው። 263ቱ ገጽ ላይ «ታ» የለችም፤ ቁጥሩን በአንድ መስመር ሰርዛ ከሥሩ 124 ጽፋበታለች።