የመጀመሪያውን ሐሳብ ከማጽደቃችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ

ከሁለት ጓደኞቻችሁ ጋር ድርጅት ልታቋቁሙ ነው እንበል። የመጀመሪያው ሐሳብ ለተማሪዎች ምሳ የሚያደርስ አፕ ነው፤ ሁላችሁም ወዳችሁታል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ለጓደኞቻችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉላቸው፦ «ሐሳቡን አልጣልነውም። ቅዳሜን ብቻ ስጡኝ፤ ሌሎች ሐሳቦችም አውጥተን እናወዳድር።»

ቅዳሜ ስትገናኙ ታዲያ ወዲያው ወሬ አትጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው የሚያስቡ አራት ሰዎችን ለየብቻ ከሚያስቡ አራት ሰዎች ጋር አወዳደሩ። ለየብቻ ያሰቡት፣ ሐሳባቸው ሲደመርና የተደጋገመው ሲወጣ፣ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሐሳብ ነበራቸው!

ለምን? በ1987 ዲል እና ስትሮብ የተባሉ ተመራማሪዎች ዋናውን ምክንያት አሳዩ፤ ወረፋ ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው ይጠብቃል፤ እየጠበቀ ደግሞ አዲስ ማሰብ ያቆማል፣ የያዘውንም ይረሳል።

ስለዚህ ጠዋት እያንዳንዳችሁ ለብቻ አንድ ሰዓት ጻፉ። ከዚያ በየተራ አንብቡ፤ ትችት ለከሰዓት ይቆይ። ከሰዓት በኋላ «ማን ይከፍልበታል? በአንድ ወር ልንሞክረው እንችላለን?» እያላችሁ ምረጡ። የምሳው አፕም ከሌሎቹ እኩል ይወዳደር።

ዝርዝሩ ላይ «ቁርስ ማድረስ፣ እራት ማድረስ» ከበዛ፣ አሁንም ከመጀመሪያው ሐሳብ አልወጣችሁም ማለት ነው። ያኔ አፑን ተዉትና «ተማሪን የሚያስቸግረው ምንድን ነው?» ከሚለው እንደገና ጀምሩ። የሐሳብ ብዛት ጥሩ ሐሳብ ለመገኘቱ ዋስትና አይሆንም፤ ምርጫ ግን ይሰጣችኋል።