ሥራ የሚያሳድር ዛፍ

የአንድ ሱቅ የስምንት ቀን ሽያጭ በሺህ ብር ሲቆጠር 5፣ 3፣ 8፣ 6፣ 2፣ 7፣ 4፣ 1 ነው እንበል። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ስንት ተሸጠ? አምስቱን ደምረን 27 እንላለን። መዝገቡ ሚሊዮን ቁጥር ይዞ ጥያቄው ሲደጋገም ግን እንዲህ መደመር አያዛልቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድምሩን እያጠራቀሙ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ መልሱ በአንድ መቀነስ ይገኛል። ሆኖም አንድ ቀን በታረመ ቁጥር ከእሱ በኋላ የተጠራቀመው ሁሉ መታረም አለበት።

ሴግመንት ትሪ ቀናቱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደምራል፦ 8፣ 14፣ 9፣ 5። እነዚህንም መልሶ ያጣምራል፦ 22 እና 14። ከሁሉ በላይ 36 ይቀመጣል። አሁን ለቅድሙ ጥያቄ የቀን 3 እና 4 ድምር 14፣ የቀን 5 እና 6 ድምር 9፣ እንዲሁም የሰባተኛው ቀን 4 ይበቃሉ። የአምስተኛው ቀን ሽያጭ 2 ሳይሆን 5 ነበር ቢባልም ከታች እስከ ላይ የሚለወጡት አራት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ 2 ወደ 5፣ 9 ወደ 12፣ 14 ወደ 17፣ 36 ወደ 39። ለሚሊዮን ቁጥር እንኳ የሚወጣው እርከን ሃያ ገደማ ነው።

ከአንደኛው እስከ አራተኛው ቀን በየቀኑ 2 ይጨመር ከተባለስ? ቀኖቹን አንድ በአንድ ማረም የዛፉን ጥቅም ያጠፋዋል። ሌዚ ፕሮፓጌሽን የተባለው ብልሃት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአራቱ ቀን ድምር 22 ላይ 2 × 4 = 8 ተጨምሮ 30 ይሆናል፤ ከላይ ያለው 39 ደግሞ 47። ከ30ው ጎን «ለልጆቼ 2 አለብኝ» የሚል ምልክት ይቀመጥና ሥራው ያድራል። ከሥሩ ያሉት አይነኩም።

ዕዳው የሚከፈለው መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ነው። የቀን 2 እና 3 ድምር ሲጠየቅ ምልክቱ ወደ ልጆቹ ይወርዳል፦ 8 ወደ 12፣ 14 ወደ 18። እያንዳንዳቸው የ2 ምልክት ይወርሳሉ፤ የወላጁ ይሰረዛል። አንድ እርከን ወርዶ ሁለተኛው ቀን 5፣ ሦስተኛው 10 ይሆናል፤ መልሱ 15።

ምልክቱን ማውረድ ከተረሳ መልሱ 11 ይወጣል። ይህን ስህተት አደገኛ የሚያደርገው የጠቅላላው ድምር 47 ትክክል መምሰሉ ነው፤ የሚያሳብቁት ትንንሽ ክልሎች ናቸው። ሌላው የተለመደ ግድፈት፣ ምልክት ባለበት ቦታ ሌላ 3 ሲጨመር 5 ማለት ሲገባ የቀድሞውን አጥፍቶ 3 ብቻ መጻፍ ነው። መደምሰሱ የሚገባው ትእዛዙ «ጨምር» ሳይሆን «ሁሉንም 3 አድርግ» ሲሆን ነው። ስለዚህ አምስት ወይም ሰባት ቁጥር ባለው መዝገብ ላይ በዘፈቀደ ማረምና መጠየቅ፣ እያንዳንዱንም መልስ አንድ በአንድ ከመደመር ውጤት ጋር ማመሳከር ይገባል፤ ለሁለት እኩል የማይከፈል ርዝመት የድንበር ስህተትንም ያወጣል።